ሠላሳ ስምንት ኩንታል ዩሪያ እና የአምስት ቀን ቀጠሮ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በምዕራብ ጎጃም በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያ መጋዘን ንብረት ያዥ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐምሌ 4 ቆጠራ ተደረገ፤ ሐሙስ ሐምሌ 17 የክስ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ 38 ኩንታል ዩሪያ አጉድለሻል፣ ሁለተኛ ሰኔ 26 ቀን 12 ኩንታል ያለ ሞዴል 22 ወጪ ደረሰኝ አውጥተሻል፣ ሦስተኛ የቆጠራ ኮሚቴውን ዘልፈሻል። በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ስጪ ተብያለሁ። የቆጠራው ሪፖርት አልተያያዘም።

እውነቱ እንዲህ ነው። 12 ኩንታሉን ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር ያወጣሁት ሥራ አስኪያጁ ደውሎ «በቆሎው እያለፈበት ነው፣ ጫኚላቸው፣ ወረቀቱን ነገ እናስተካክላለን» ስላለኝ ነው። ሾፌሩ ደብተሬ ላይ ፈርሟል። ወረቀቱ ግን ሳይስተካከል ቀረ፤ አሁን ሥራ አስኪያጁ ዝም ብሏል። ሰኔ 19 ደግሞ 20 ኩንታል በሞዴል 22 ወደ ቅርንጫፍ መጋዘን ልኬአለሁ፤ ሂሳብ ክፍል አልቀነሰውም መሰለኝ። ጥግ ላይ የነበሩትን የተቀደዱ ከረጢቶች ኮሚቴው አልቆጠራቸውም። ሌላውን አላውቅም። ኮሚቴውን ተናድጄ «ሌቦቹ እናንተ ናችሁ» ብያለሁ። የሂሳብ ሹሙ «ለ38ቱ ኩንታል ግዴታ ፈርሚ፣ በየወሩ ከደመወዝሽ ይቆረጥና ነገሩ ይዘጋል» ይለኛል። አራት ገጽ መልስ ጽፌ ልኬልዎታለሁ። ላስገባው?

ግራ የገባኝ፣ ከፍኖተ ሰላም

እህቴ፣ አራቱን ገጽ አታስገቢው፤ ግዴታውንም አትፈርሚ። ሁለቱንም ምክንያት እነግርሻለሁ፤ ቀኑ ስላጠረ ግን ከቀኑ እንጀምር። ደብዳቤው የደረሰሽ ሐሙስ ከሆነ ቆጠራው ዓርብ ይጀምራል። መሥሪያ ቤታችሁ ቅዳሜ ጠዋት የሚሠራ ከሆነ ቅዳሜንም እንደ ሥራ ቀን ቁጠሪው፤ ያኔ የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ሐምሌ 23 ይሆናል። ቅዳሜ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ክርክር ላንቺ ምንም አይጠቅምሽም። ረቡዕ ከቀትር በፊት መልሱ መዝገብ ቤት መግባት አለበት።

ረቂቅሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎትሽና ስለምታሳድጊያቸው ልጆች ነው። ሁለተኛው ስለ ሥራ አስኪያጁና ስለ ዘመዶቹ ነው። ማዳበሪያው ብቅ የሚለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ያም በእመቤቴ ማርያም መሐላ ተከቦ። ለብዙ ዓመታት በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ሳለሁ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጬ እንዲህ ያሉ መልሶችን አንብቤአለሁ። አንባቢው የክስ ደብዳቤውን በአንድ እጁ፣ መልሱን በሌላው ይዞ የሚፈልገው «ለአንደኛው ክስ ምን አለች?» የሚለውን ብቻ ነው። እስከ ሦስተኛው ገጽ ካጣው፣ የምትለው የላትም ብሎ ይደመድማል።

ደግሞ ያቺ ዓረፍተ ነገርሽ፦ «ማዳበሪያው የበቀለበትን ማሳ የሚያውቅ ያውቀዋል።» ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዘርፈሻል፣ አልዋሽሽም። በመልስ ደብዳቤ ላይ ግን ወርቁን የሚፈልጉት አንቺን ለመያዝ ነው። «ማሳውን ካወቅሽ ማዳበሪያው መውጣቱንም ታውቂ ነበር ማለት ነው፤ ታዲያ በጊዜው ለምን አላመለከትሽም?» ይሉሻል። ያለ ማስረጃ ሌላ ሰው ከመወንጀል አልፎ፣ ያልፈጸምሽውን እንደምታውቂው አድርጎ የሚያሳይ አንድ መስመር በገዛ እጅሽ ጻፍሽላቸው ማለት ነው። አውጫት።

አሁን ወደ ከረጢቶቹ። መጋዘን ውስጥ የሚቆጠረው ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስለሆነ 38 ኩንታል 76 ከረጢት ነው። በሞዴል 22 የወጣው 20 ኩንታል 40 ከረጢት፣ በስልክ ትዕዛዝ የወጣው 12 ኩንታል 24 ከረጢት ነው። ሁለቱ ተደምረው 64 ይሆናሉ፤ የሚቀረው 12 ከረጢት ብቻ ነው። እነሱም ጥግ ላይ ከነበሩት የተቀደዱ ከረጢቶች ጋር መተያየት ያለባቸው ናቸው። ክሱን በአንድ ዓይን ካየሽው 38 ኩንታል የጠፋ ይመስላል፤ በከረጢት ስትከፍይው ግን ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ መልስ አለው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ረቂቅሽ አላየውም። ሁለተኛው ክስ የሚያነሳው 12 ኩንታል በአንደኛው ክስ 38 ኩንታል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ያለ ሞዴል 22 የወጣ ነገር በሂሳብ ክፍል መዝገብ አይቀነስም፤ በቆጠራ ጊዜ መጉደሉ አይቀርም። እንደዚያ ከሆነ ያው 24 ከረጢት አንድ ጊዜ እንደ ጉድለት፣ አንድ ጊዜ እንደ ሥርዓት ጥሰት ተይዞብሻል። ነገር ግን የቆጠራውን ሪፖርት ስላላየሽ «ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁብኛል» ብለሽ አትጻፊ። «ተካቶ ከሆነ» በይ። የሂሳብ ክፍሉንም እንዲሁ፤ አንቺ የምታውቂው ሞዴል 22 መቁረጥሽን፣ የመጋዘኑ ክምችት መመዝገቢያ በሆነው ቢን ካርድ ላይ መቀነስሽንና ቅጂውን መላክሽን ነው። እነሱ መዝገባቸው ላይ ያስፍሩት አያስፍሩት አላየሽም። «አልቀነሱም» ብትዪና ቀንሰው ቢገኙ፣ እውነት የሆነው ቀሪው መልስሽ ሁሉ ይጠረጠራል።

መልሱ ውስጥ ያሉት ነገሮች እንግዲህ በሦስት ሚዛን ይቀመጡ። ሰነድ ያለውን በሰነዱ ቁጥርና ቀን ጻፊ። በዓይንሽ ያየሽውን ወይም በጆሮሽ የሰማሽውን «አይቻለሁ»፣ «በስልክ ተነግሮኛል» ብለሽ ጻፊ። የማታውቂውን «አላውቅም» በይ። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ይፈራታል፤ ለ12ቱም ከረጢት ምክንያት ካልፈጠርሁ ጥፋተኛ እመስላለሁ ይላል። በእኔ ልምድ ኮሚቴ የሚጠራጠረው ሁሉንም የሚያውቅ ተከሳሽን ነው።

የ12 ኩንታሉን ነገር ረቂቅሽ ውስጥ በግማሽ ክደሽዋል። «ያለ ደረሰኝ ያወጣሁት ነገር የለም፣ ሾፌሩ ፈርሟል» ይላል። የሾፌር ፊርማ ያለበት ደብተር ሞዴል 22 አይደለም፤ ይህን ኮሚቴው ያውቃል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የሆነውን እመኚ፤ የምታምኚው ግን የሆነውን ያህል ብቻ ይሁን። ያመንሽው ሰነዱ በዕለቱ አለመቆረጡን ነው፤ ማዳበሪያው መጥፋቱን አይደለም። እነዚህ ሁለቱ በሕግም በጣም ይራራቃሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚያበቁት ምክንያቶች መካከል ማጭበርበር፣ ለራስ ወይም ለሌላ ጥቅም የአሠሪን ንብረት መውሰድ፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ ይገኙበታል። ለተቀባዩ ማኅበር የደረሰ፣ ግን ወረቀቱ ያልተሟላ ጭነት በራሱ ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ብለሽ ብትጽፊ ግን የትኛውን እንዳመንሽ የሚለይልሽ የለም።

(ይህን የምታነቡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የእናንተ ጉዳይ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና በዲሲፕሊን ደንቡ ነው እንጂ በዚህ አዋጅ አይደለም። የመልሱ አጻጻፍ ግን ያው ነው።)

ጭነቱ መድረሱን የሚያሳየው ምንድን ነው? ይህ ነው ዋናው ቁም ነገር። አንቺ ጋ ያለው ደብተርሽ ነው፤ ስልክሽ ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ በዚያ ቀን በስንት ሰዓት እንደደወለልሽና ስንት ደቂቃ እንዳወራችሁ ይታያል። ሳይጠፋ ፎቶ አንሽው። የጥሪ ዝርዝሩ ግን መነጋገራችሁን እንጂ ምን እንደተባባላችሁ አያሳይም፤ ከዚያ በላይ እንዲመሰክር አትጠብቂ። ጠንካራው ማስረጃ ሌላ ቦታ ነው ያለው። 24ቱን ከረጢት የተቀበለው መሠረታዊ ማኅበር ንብረት ሲገባለት ሞዴል 19 ይቆርጣል። ያ የገቢ ደረሰኝ የሰኔ 26 ወይም የማግሥቱ ቀን ካለበት፣ ብዛቱም 24 ከረጢት ከሆነ፣ ማዳበሪያው ያንቺን በር ወጥቶ የእነሱን በር እንደገባ ከአንቺ ጋር ምንም ጠብ ወይም ዝምድና የሌለው ሰው በፊርማው አረጋግጧል ማለት ነው። ለ20ውም ኩንታል እንዲሁ፤ የቅርንጫፉን መጋዘን ሞዴል 19 ጥሪ። ሰነዶቹን ራስሽ ሄደሽ ከማኅበሩ ጸሐፊ አታውጪ፤ ማስረጃ አስለወጠች የሚል አራተኛ ክስ እንዳይመጣብሽ ኮሚቴው እንዲያስቀርብ በጽሑፍ ጠይቂ። ከራስሽ መሥሪያ ቤትም ዋናውን ሰነድ ቤትሽ ይዘሽ አትሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እላለሁ። አንድ ወዳጅሽ «ዛሬ ሞዴል 22 ቁረጪና የሰኔ 26 ቀን ጻፊበት» ብሎ ቢመክርሽ አትስሚው። የደረሰኝ ጥራዝ ተከታታይ ቁጥር አለው። የሐምሌ ቁጥር የሰኔ ቀን ተጽፎበት ሲገኝ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ቅጠሎች ያጋልጡታል፤ የወረቀት ጉድለት የነበረው ነገር በአንድ ቀን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ይሆናል። የተቀደዱትን ከረጢቶች ከቆጠራው በፊት በማስታወሻ አሳውቀሽ ከነበረ ያንን አያይዢ፤ ካላሳወቅሽ አሁን ጽፈሽ የቀድሞ ቀን አትስጪው።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር። ባዶ የተውኋቸውን ቁጥሮች ሙይና እውነት ያልሆነ ቃል ካለበት አስተካክይው፤ የእኔን አገላለጽ ለማስደሰት ብለሽ ያላየሽውን አትፈርሚበት።

ለ… ዩኒየን የዲሲፕሊን ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር … ለደረሰኝ የክስ ደብዳቤ የቀረበ መልስ

በተጠቀሰው ደብዳቤ የቀረቡብኝን ሦስት ክሶች ተመልክቻለሁ። የቆጠራው ሪፖርት ከደብዳቤው ጋር ስላልተያያዘ ይህን መልስ የምሰጠው በማውቀው መጠን ነው። ሪፖርቱ ሲደርሰኝ ተጨማሪ መልስ የመስጠት ዕድል እንዲጠበቅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1ኛ ክስን በተመለከተ፦ 38 ኩንታል ዩሪያ አጉድለሻል የተባለውን አልቀበልም። ለራሴም ሆነ ለሌላ ሰው ጥቅም ያዋልሁት ማዳበሪያ የለም። ሰኔ 19 ቀን 20 ኩንታል (40 ከረጢት) በሞዴል 22 ቁጥር … ወደ … ቅርንጫፍ መጋዘን ልኬ በዕለቱ ከቢን ካርድ ቀንሻለሁ፤ ቅጂውንም ለሂሳብ ክፍል አስተላልፌአለሁ። በሂሳብ ክፍሉ መዝገብ መቀነሱ እንዲመሳከር እጠይቃለሁ። በ2ኛው ክስ የተጠቀሰው 12 ኩንታል (24 ከረጢት) በዚህ 38 ኩንታል ውስጥ ተካቶ ከሆነ ለብቻው እንዲታይ እጠይቃለሁ። በቆጠራው ዕለት በመጋዘኑ ጥግ የተቀደዱ ከረጢቶች ነበሩ፤ ሲቆጠሩ አላየሁም። ብዛታቸውን በትክክል ስለማላውቅ እኔም በተገኘሁበት በሚዛን እንዲመዘኑ እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላ ልዩነት ቢቀር ምክንያቱን አላውቅም፤ ለማጣራት በሚደረገው ሥራ ሁሉ እተባበራለሁ።

2ኛ ክስን በተመለከተ፦ ሰኔ 26 ቀን 12 ኩንታል ሲወጣ በዕለቱ ሞዴል 22 አለመቆረጡ እውነት ነው። ያወጣሁት በዕለቱ በ… ሰዓት ሥራ አስኪያጁ በስልክ እንድጭን ስላዘዙኝና ሰነዱ በማግሥቱ እንደሚስተካከል ስለነገሩኝ ነው። ጭነቱን የተረከበው ሾፌር በደብተሬ ላይ ፈርሟል። ማዳበሪያው ለ… መሠረታዊ ማኅበር የተጫነ በመሆኑ ማኅበሩ የቆረጠው ሞዴል 19 እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ሰነዱ ሳይሟላ መቅረቱን በወቅቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብኝ፤ አላሳወቅሁም።

3ኛ ክስን በተመለከተ፦ በቆጠራው ዕለት ለኮሚቴው አባላት ተገቢ ያልሆነ ቃል ተናግሬአለሁ። ለዚህም አባላቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚህ መልስ ጋር ያያያዝኋቸው፦ የሞዴል 22 ቁጥር … ቅጂ፣ የቢን ካርዱ ቅጂ፣ የደብተሩ ገጽ ቅጂ እና የጥሪ ዝርዝሩ ፎቶ በድምሩ … ገጽ ናቸው። ምስክሬ ሾፌር … ናቸው።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ፣ ቀን

ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። ዘጠኝ ዓመትሽ የት ገባ ትዪኝ ይሆናል። እሱ ቦታ አለው፤ ቅጣት ሲመዘን ነው የሚነሳው። ቀደም ሲል ማስጠንቀቂያ ደርሶብሽ የማያውቅ ከሆነ በቃል ስትጠየቂ «በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ የተጻፈብኝ ማስጠንቀቂያ የለም» በይ፤ ከማኅደርሽ የሚረጋገጥ ነገር ነው። ልጆቹን ግን ከዚህ አውጫቸው። የሚያዝን ሰው አንጀቱ ይራራ ይሆናል፤ ከረጢት ግን አይቆጥርልሽም።

ስለ ሥራ አስኪያጁ የጻፍሁትን ልብ በይው። «አዘዙኝ»፣ «ነገሩኝ» ይላል፤ «ከዱኝ»፣ «ወጥመድ ሠሩብኝ» አይልም። በአንቱታ መሆኑም ለይስሙላ አይደለም። ዝም ብሏል ብለሽኛል እንጂ ክዷል አላልሽም። ሰውየው ነገ ተጠርቶ ሲጠየቅ «አዎ፣ ደውዬላታለሁ» ለማለት በር ሊኖረው ይገባል። በሁለተኛው ገጽሽ ላይ ያለውን ያህል ከሰደብሽው በሩን ራስሽ ዘጋሽበት፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር ለእሱ አንቺን መርዳት ብቻ ሳይሆን ራሱን መስደብ ይሆንበታል።

«በወቅቱ ማሳወቅ ነበረብኝ» የምትለዋ መስመር እንዳትሰረዝ እመክርሻለሁ። ኮሚቴው የሚጠይቅሽ የመጀመሪያ ጥያቄ እሷ ናት፦ ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 4 ወረቀቱ ሳይመጣ ለምን ዝም አልሽ? ሳይጠይቁሽ መልሰሽዋል።

የሦስተኛው ክስ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። «ሌቦቹ እናንተ ናችሁ» ያልሽው ምስክር ፊት ነውና በመልሱ ላይ ቃሉን መድገም አያስፈልግም፤ ይቅርታው ይበቃል። «እነሱም እኮ አስቆጡኝ» የሚል ጭራ አትቀጥዪለት፤ ይቅርታውን ያፈርሰዋል። ለዚህኛው ብቻ ሽማግሌ ብትልኪ ደግ ነው፤ በአካባቢያችን የተለመደ ነውና የኮሚቴው አባላት ልብ ሊለዝብ ይችላል። ሽማግሌዎቹ ግን ስለ ከረጢቶቹ አንድ ቃል እንዳይናገሩ አስጠንቅቂያቸው። ደግ ሽማግሌ «ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው፣ እንክፈልላት» ይላል፤ በማግሥቱ «በሽማግሌ አምናለች» ተብሎ ይወራል።

ይህ ወደ ግዴታው ይወስደናል። የሂሳብ ሹሙ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም እውነት የሚረዳሽ መስሎታል። ግን ለምን ፊርማሽን እንደፈለገ እወቂ። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 59 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲኖር፣ አለበለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ወር የሚቆረጠው በጠቅላላው ከደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ግዴታው ላይ ስትፈርሚ ያን የጽሑፍ ስምምነት ሰጠሽ ማለት ነው። ደግሞም የምትፈርሚው ለ12 ከረጢት አይደለም፤ ሰነድ ላላቸው 40ዎቹና በሌላ ማኅበር መጋዘን ለተቀመጡት 24ቱም ጭምር ነው። «ነገሩ ይዘጋል» የሚለው ደግሞ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ገንዘቡ እየተቆረጠ ስንብቱም ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ «ካላጎደልሽ ለምን ፈረምሽ?» ለሚለው መልስ የለሽም። ለሹሙ በትሕትና «መልሴን ለኮሚቴው አስገብቻለሁ፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ» ብትዪው ይበቃል።

አገባቡን በአጭሩ ልንገርሽ። መልሱን በሁለት ቅጂ አሳትሚ፣ እያንዳንዱን ገጽ ፈርሚ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስትሰጪ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጊበት፤ እሱ ካንቺ አይለይ። አንቀበልም ካሉሽ አትጨቃጨቂ፤ በዚያው ቀን ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። ምናልባት መንገድ ተዘግቶ ወይም ፎቶ ኮፒ አጥተሽ አባሪዎቹ ካልደረሱልሽ መልሱን ብቻውን በጊዜው አስገቢ፤ «አባሪዎቹን እስከዚህ ቀን አቀርባለሁ» ብለሽ ጨምሪበት። የክስ ደብዳቤውንም ደርሶኛል ብለሽ አልፈረምሽ ከሆነ ቀኑን ጽፈሽ ፈርሚ። መቀበል ማመን አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጉዳዩ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እስካለ ነው። ፖሊስ ጠርቶሽ ከሆነ ወይም አቤቱታ እንደቀረበብሽ ከሰማሽ፣ ለኮሚቴው የጻፍሽው መስመር ሁሉ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ሊገባ ይችላልና 2ኛውን ክስ ከማመንሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ። የጠበቃ ክፍያ ከከበደሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሁለት ቀኖች ደግሞ በማስታወሻሽ ላይ ይስፈሩ። አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ የሚችለው ምክንያት ያለውን ነገር ካወቀ ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የቆጠራው ቀንና ሪፖርቱ ለሥራ አስኪያጁ የደረሰበት ቀን ይጠቅሙሻል። አሁን በመልሱ ላይ አታንሺው፤ ቀኖቹን ብቻ ያዢ። ከሥራ አግደውሽ ከሆነ ዕግዱም ከ30 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ደግሞ የስንብት ደብዳቤ ከደረሰሽ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ «ዩኒየኑ ጋ ቅሬታ አስገብቼ እየጠበቅሁ ነበር» ማለት ብቻውን አያድንሽም። ያን ቀን ማኅተም ያረፈበት ቅጂሽን፣ የስንብት ደብዳቤውንና የሥራ ውልሽን ይዘሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ወይም ክሱን በቀጥታ ለወረዳ ፍርድ ቤት አቅርቢ።